ትከሻዋን ማን አሰረባት? በቁርጥራጭ አኒሜሽን የመገጣጠሚያ ምርጫ ላይ የቀረበ አስተያየት

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የጀመርኩት አጭር አኒሜሽን ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ለሠርግ የወረደች አንዲት ልጃገረድ ታሪክ ነው። የፊልሙ ዋነኛ ትዕይንት የሚፈጸመው በሐይቁ አቅራቢያ በተጣለ ዳስ ውስጥ ሲሆን፣ ልጃገረዷ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጆቿን በወገቧ ላይ ይዛ እስክስታ ትወርዳለች። ይህን ትዕይንት ጨርሼ በሐይቅ ከተማ ለምትኖረው አክስቴ በስልኬ አሳየኋት። አክስቴ ሁለት ጊዜ አስደግማ ከተመለከተች በኋላ፣ «ልጄ፣ ሥዕሉስ ያምራል፤ ግን የዚችን ልጅ ትከሻዋን ማን አሰረባት?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ለጊዜው አሳቀኝ፤ በኋላ ግን የሥራዬን ስሕተት በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዳስቀመጠችው ተረዳሁ። ልጃገረዷ ክንዷን ታወዛውዛለች፣ ወገቧን ታዞራለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ትከሻዋ ግን ከደረቷ ጋር አንድ ሥዕል ስለነበር ለብቻው ሊነሣም ሊወርድም አይችልም ነበር። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያሰርኩትም እንቅስቃሴውን በምሠራበት ጊዜ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ገጸ ባሕርይዋን ቆራርጬ መገጣጠሚያዎቿን በመረጥኩበት ሰዓት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። በቁርጥራጭ አኒሜሽን ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ የት የት እንደሚቆረጥ መወሰን ያለበት ገጸ ባሕርይው በፊልሙ ውስጥ ከሚፈጽመው እንቅስቃሴና ከሚለብሰው ልብስ ተነሥቶ እንጂ፣ ከተዘጋጀ የሰው አካል ንድፍ ተገልብጦ መሆን የለበትም። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከሁለተኛው ነው። የሚያስከፍለውን ዋጋ በራሴ ሥራ ላይ ስላየሁት፣ ጉዳዩን በዚችው ልጃገረድ አካል ላይ ደረጃ በደረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የመቁረጥ ውሳኔ

በዚህ የአኒሜሽን ዘርፍ ገጸ ባሕርይው ለእያንዳንዱ ፍሬም እንደ አዲስ አይሣልም። አንድ ጊዜ ተሥሎ በክፍል በክፍል ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ሌየር ላይ ይቀመጣል፤ ቁራጩ የሚሽከረከርበት የመዞሪያ ነጥብ ይወሰንለታል፤ በመጨረሻም እጅ ለክንድ፣ ክንድ ለደረት፣ ደረት ለዳሌ እንዲታዘዝ ተደርጎ ይያያዛል። ይህ ዝግጅት በሙያው ሪጊንግ ይባላል። ከሪጊንግ በኋላ አኒሜተሩ የሚሠራው ቁራጮቹን በማዞርና በማንቀሳቀስ ብቻ ስለሆነ፣ ያልተቆረጠ ነገር አይንቀሳቀስም።

ቀደምቶቹ የዘርፉ ጠቢባን ይህን ውሳኔ እንደ ሥራቸው ጠባይ በተለያየ መንገድ ፈትተውታል። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር እ.ኤ.አ. በ1926 ለእይታ ባበቃችው «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» ውስጥ ምስሎቿን ከጥቁር ካርቶንና ከስስ እርሳስ ቆርጣ በሽቦ አያይዛቸዋለች። ሥራዋ የጥላ ምስል ስለነበር የአካል ትርጉም የሚነበበው ከዳር መስመሩ ነው፤ ስለዚህ መገጣጠሚያዎቹ የዳር መስመሩን የሚለውጡ መሆን ነበረባቸው። ሩሲያዊው ዩሪ ኖርሽቴን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 በሠራው «ጃርቱ በጉም ውስጥ» ቁራጮቹን በማጠፊያ ሳያስር፣ ፈትቶ በመደርደር ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ ቀርጿል። ሁለቱም ሥዕል ቆርጠዋል፤ ሆኖም የት እንደሚያያዝና ጭራሽ መያያዝ እንዳለበት የወሰነው የሚፈለገው እንቅስቃሴ ነበር።

እኔ ግን የጀመርኩት ከዝግጁ ሪግ ነበር። ይህ ሪግ 16 ቁራጮች ነበሩት፦ ራስ፣ አንገት፣ ደረት፣ ዳሌ፣ ሁለት የላይኛና ሁለት የታችኛ ክንዶች፣ ሁለት እጆች፣ ሁለት ጭኖች፣ ሁለት ቅልጥሞችና ሁለት እግሮች። ሪጉ በራሱ ስሕተት የለበትም። ሱሪ ለብሶ ለሚራመድና እጁን ለሚያውለበልብ ሰው የተሠራ ነው፤ ለዚያም ይበቃል። የእኔ ልጃገረድ ግን እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ቀሚስ ለብሳ በአንድ ቦታ ላይ ቆማ በትከሻዋ ትጨፍራለች። አራቱ የጭንና የቅልጥም ቁራጮች በቀሚሱ ሥር ተሸፍነው ምንም ሳይሠሩ ሲቀመጡ፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ትከሻ አንድም ቁራጭ አልተመደበለትም ነበር።

የመዞሪያ ነጥብ የሚፈተነው በጫፉ ነው

ወደ ትከሻው ከመግባቴ በፊት ቀላል በሆነው መገጣጠሚያ፣ ማለትም በክርን፣ አንድ መሠረታዊ ነገር ላስረዳ። ክርን ላይ ሁለት ቁራጮች ይገናኛሉ። የላይኛው ክንድ ጫፍና የታችኛው ክንድ ጫፍ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ግማሽ ክብ እንዲያልቁ ተደርገው ይሣሉና አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። የመዞሪያ ነጥቡ በትክክል በክቡ መሐል ላይ ከተቀመጠ፣ የታችኛው ክንድ የፈለገውን ያህል ቢዞር ክቡ ራሱን ከመሸፈን አይወጣም። ክብ በመሐሉ ዙሪያ ሲዞር ቅርጹ አይለወጥምና። የክቡ ስፋት ከክንዱ ወርድ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በክቡ ላይም የዳር መስመር አይሰመርም፤ ከተሰመረ ክንዱ ሲታጠፍ በክርኑ ላይ የተጋደመ ጭረት ይታያል።

ነጥቡ ከመሐሉ ትንሽ ቢያፈነግጥ ምን ይሆናል? የማፈንገጡን ርቀት d፣ ቁራጩ የዞረበትን ማዕዘን θ ብንለው፣ የክቡ መሐል ከነበረበት የሚሸሸው በሚከተለው ልክ ነው፦

```
2 × d × sin(θ/2)
```

ነጥቡ 10 ፒክሰል ተዛንፎ ቢቀመጥ፣ ክንዱ 30 ዲግሪ ሲታጠፍ ክቡ 5 ፒክሰል ገደማ ይሸሻል። የዳር መስመሩ 4 ወይም 5 ፒክሰል ውፍረት ካለው ዓይን ይህን ላያስተውለው ይችላል። ክንዱ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ግን ሽሽቱ 14 ፒክሰል ይሆናል፤ ያን ጊዜ በክርኑ ውጫዊ ጎን ክፍተት ይከፈታል፣ በውስጣዊው ጎን ደግሞ እብጠት ይወጣል። የዚህ ስሕተት ክፋቱ በትንሽ ማዕዘን መደበቁ ነው። አብዛኞቻችን ሪግ የምንፈትነው ክንዱን ጥቂት ወዝወዝ አድርገን ስለሆነ፣ ችግሩን የምናገኘው ዘግይተን፣ ትዕይንቱ ራሱ ክንዱን አጥፎ ሲያሳየን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ መፈተን ያለበት በፊልሙ ውስጥ በሚደርስበት የመጨረሻ ማዕዘን ነው። እጇን በወገቧ ላይ የምታደርግ ልጃገረድ ክርኗን ወደ 90 ዲግሪ ስለምታጥፍ፣ በ30 ዲግሪ የሚደረግ ፈተና ለእርሷ ፈተና አይደለም።

ዘግይቶ ማረምም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አኒሜተሩ የመዘገባቸው ኪፍሬሞች የሚይዙት በነጥቡ ዙሪያ የተዞረውን ማዕዘን ነው። ነጥቡ ሲነሣ ማዕዘኑ እንዳለ ይቀራል፣ ቁራጩ ግን በሌላ ስፍራ ይገኛል። ከቦታው የሚርቅበትም ልክ ያው ከላይ የተጻፈው ነው፤ d አሁን ነጥቡ የተነሣበት ርቀት ይሆናል። ብዙ የዞረ ፍሬም ብዙ ይበላሻል፣ ጥቂት የዞረ ጥቂት ይበላሻል፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መልሶ ማስተካከል አይቻልም። አክስቴ ጥያቄዋን በጠየቀችኝ ጊዜ 40 ሰከንድ ያህል እንቅስቃሴ ጨርሼ ነበር። የዳሱን ትዕይንት በሙሉ ከመጀመሪያው ሠራሁት።

ትከሻ የሚነሣው ከየት ነው?

ዝግጁ ሪጎች የክንዱን የመዞሪያ ነጥብ የሚያስቀምጡት በትከሻው ጫፍ ላይ፣ ክንድ ከደረት በሚገናኝበት ስፍራ ነው። ይህ ነጥብ ክንድን ለማንሣት ትክክል ነው። ነገር ግን ክንዱ በዚህ ነጥብ ዙሪያ ሲዞር ነጥቡ ራሱ ከቦታው አይነቃነቅም። እስክስታ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ክንዱ ረግቶ ነጥቡ ራሱ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። ክንድን ብቻ በማዞር እስክስታን ለማሳየት መሞከር የሚያስከትለው ውጤት ክንፏን የምታራግብ ወፍ የመሰለች ሴት ነው። የመጀመሪያዋ ልጃገረዴም እንዲሁ ነበረች።

መፍትሔው ያለው በአካላችን አሠራር ውስጥ ነው። እጃችሁን በአንገታችሁ ሥር ባለችው ጉድጓድ ላይ አድርጋችሁ ትከሻችሁን ብታነሡ፣ ከጉድጓዷ ዳር ተነሥቶ እስከ ትከሻ ጫፍ የሚዘረጋው አጥንት ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። ክንድ ከግንደ አካል ጋር በአጥንት ለአጥንት መገጣጠሚያ የሚገናኘው በዚህ ስፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ ትከሻ የሚሽከረከርበት እውነተኛ መሐል ከትከሻው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከአንገት ሥር ነው። በሪጉ ላይ ከደረቱ በስተግራና በስተቀኝ አንዳንድ የትከሻ ቁራጭ ተቆርጦ፣ የመዞሪያ ነጥቡ በአንገት ሥር ባለችው ጉድጓድ ዳር መቀመጥ አለበት። ክንዱ ለደረቱ ሳይሆን ለዚህ የትከሻ ቁራጭ ይታዘዛል።

ልኩን በምሳሌ እንመልከት። ልጃገረዷ 600 ፒክሰል ቁመት አላት፤ ከአንገቷ ሥር እስከ ትከሻዋ ጫፍ ያለው ርቀት 75 ፒክሰል ነው። የትከሻ ቁራጩ 9 ዲግሪ ብቻ ሲዞር የትከሻዋ ጫፍ 12 ፒክሰል ያህል ወደ ላይ ይነሣል። ወደ አንገቷ የሚጠጋው ግን ከ1 ፒክሰል አይበልጥም። ይህ ትንሽ ማዕዘን ለእስክስታ የሚበቃ መነሣት ይሰጣል፤ ቁራጩ በጥቂቱ ብቻ ስለሚዞርም ከደረቱ ጋር የሚደራረብበት ስፍራ በቀላሉ አይጋለጥም።

ይህ የትከሻውን መነሣትና መውረድ ይፈታል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለሱን ግን አይፈታም። ልጃገረዷ ፊት ለፊት የተሣለች ከሆነ፣ ወደ ፊት የሚወጣው ትከሻ የሚመጣው በተመልካቹ አቅጣጫ ነው። ጠፍጣፋ ቁራጭ ይህን በመዞር ሊያሳይ አይችልም። እዚህ ላይ የሚወስነው የመገጣጠሚያ ብዛት ሳይሆን የአተያይ ምርጫ ነው። ልጃገረዷን ከፊት ለፊት ትንሽ ዘወር አድርጌ፣ አንዱ ትከሻዋ ቀርቦ ሌላው ርቆ እንዲታይ ስሣላት፣ ወደ ፊት መውጣቱ በሥዕሉ ላይ ወደ ጎን መሄድ ሆነ። ያን ጊዜ የቅርቡን የትከሻ ቁራጭ 8 ወይም 10 ፒክሰል ወደ ጎን መግፋት በቂ ነው። የሌየር ቅደም ተከተሉም ከዚሁ ይወሰናል፤ የሩቁ ክንድና የሩቁ ትከሻ ከደረቱ በታች፣ የቅርቡ ትከሻና የቅርቡ ክንድ ከደረቱ በላይ ይሆናሉ። በእስክስታ መጠን ሁለቱ ትከሻዎች ቦታ ስለማይለዋወጡ ይህ ቅደም ተከተል በመሐል መገለባበጥ አያስፈልገውም።

እጅ ሲረጋ ክርን ይሠራል

የትከሻው ቁራጭ ከተበጀ በኋላ አዲስ ችግር ተከተለ። ክንዱ ለትከሻው ስለሚታዘዝ ትከሻው 9 ዲግሪ በዞረ ቁጥር ክንዱ በሙሉ አብሮ ይዞራል፤ በወገብ ላይ የተቀመጠው እጅም ከወገቡ ይለቃል። እጅን ባለበት አስሮ የክርኑን ማዕዘን ለፕሮግራሙ የሚያሰላ፣ ኢንቨርስ ኪነማቲክስ የሚባል ዘዴ አለ። ትከሻው ሲነሣና እጁ ሲረጋ፣ በመካከል ያለው ክርን ራሱ ቦታውን ይፈልጋል።

ይህ ዘዴ ግን ክንዱ ሊዘረጋ ሲቃረብ ይከዳል። የልጃገረዷ የላይኛው ክንድ 100፣ የታችኛው 90 ፒክሰል ነው። እጇ በወገቧ ላይ ሲሆን ከትከሻዋ እስከ እጇ ያለው ርቀት 120 ፒክሰል ያህል ነው፤ ክርኗም 78 ዲግሪ ይሆናል። ትከሻዋ 12 ፒክሰል ተነሥቶ ርቀቱ 132 ሲደርስ ክርኗ ወደ 88 ዲግሪ ይከፈታል። ለውጡ 10 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው። አሁን ደግሞ ክንዷን ወደ ታች ዘርግታ የቀሚሷን ጠርዝ ይዛለች እንበል፤ ርቀቱም 178 ፒክሰል ይሁን። ያው 12 ፒክሰል መነሣት ርቀቱን 190 ያደርሰዋል፤ ይህም የሁለቱ ክንዶች ሙሉ ርዝመት ነው። ክርኑ ከ139 ወደ 180 ዲግሪ፣ ማለትም በ41 ዲግሪ ይፈናጠራል። የመጨረሻዎቹ 2 ፒክሰሎች ብቻ 17 ዲግሪ ያህል ይወስዳሉ። ተመልካቹ ይህን የሚያየው ክርኑ እንደ ተፈታ ማጠፊያ ድንገት ሲወረወር ነው።

ስለዚህ አንድ መገጣጠሚያ ደህና መሆኑን ለብቻው አይቶ መፍረድ አይቻልም። ትከሻው ትክክል፣ ክርኑም ትክክል ሆኖ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሠሩ ሊያፈነግጡ ይችላሉ። ክንዷን ዘርግታ ልብሷን እንድትይዝ የሚፈልግ ሰው፣ ክርኗ ገና ሲጀመር ጎበጥ ያለ እንዲሆን አድርጎ መሣል፣ አለዚያም እጇን በዚያች ቅጽበት ከታሰረችበት መፍታት ይኖርበታል።

ልብሱ መቁረጫውን ይነግረናል

ብዙ ጊዜ ልብስን እንደ ጌጥ ቆጥረን መጨረሻ ላይ እንቀባዋለን። ባህላዊ ልብስ ግን በሪጊንግ ረገድ የት መቁረጥ እንደሚቻልና የት እንደማይቻል የሚናገር ካርታ ነው። የልጃገረዷ ቀሚስ ነጭ ነው፤ ከአንገቷ ተነሥቶ በደረቷ መሐል የሚወርድ ባለ ቀለም ጥልፍ አለው። በነጭ ላይ የተደረበ ነጭ መጋጠሚያውን ይደብቃል። ጥልፉ ላይ የተቆረጠ መስመር ግን ትከሻው አንድ ዲግሪ ሲዞር ሐረጉን ስለሚሰብረው ወዲያውኑ ይታያል። እድል ሆኖ የትከሻው የመዞሪያ ነጥብ ከአንገት ጉድጓድ ዳር ስለሆነ፣ የመቁረጫው መስመር ከጥልፉ ጎን ባለው ነጭ ስፍራ ያልፋል። ጥልፉ ሳይነካ ከደረቱ ጋር ይቀራል፤ ትከሻው በነጩ ሥር ይንቀሳቀሳል።

ነጠላው ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ከደረቱ ጋር በአንድ ሌየር ሥዬው ስለነበር፣ የትከሻውን ቁራጭ ከሠራሁ በኋላ እንኳ ትከሻው ከረጋው ነጠላ ሥር ገብቶ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ነጠላውን ለሁለት ከፈልኩት። ከአንገቷ ኋላ የሚያልፈው ክፍል ከራሷና ከአንገቷ ሌየር በታች ተቀምጦ ለደረቷ ይታዘዛል። በቅርቡ ትከሻ ላይ ወደ ፊት የሚወርደው ክፍል ደግሞ ከሁሉ በላይ ተቀምጦ ለትከሻው ይታዘዛል። ሁለቱን የከፈልኩት ጨርቁ በትከሻው ላይ በሚታጠፍበት እጥፋት እንጂ በጥለቱ ላይ አይደለም። የጥለቱ መስመሮች ቀጥታና ባለ ቀለም ስለሆኑ በእነርሱ ላይ የሚያልፍ መቁረጫ የትኛውንም መዛነፍ ያጋልጣል።

በጭፈራ ጊዜ ነጠላ በወገብ ላይ የሚታሰርበትም አለ። ያን ጊዜ ነጠላው ለዳሌው ይታዘዛል፤ ትከሻውም የሚሸፍነው ነገር ስለሌለ መደራረቢያው ይበልጥ ሰፋ ተደርጎ መሣል አለበት። የልብሱ አስተሳሰር አንድ ደረጃ ሲለወጥ ሪጉም ይለወጣል ማለት ነው።

በመጨረሻ የቁራጮቹን ቁጥር ሳሰላ የተገኘው ውጤት ለእኔም ትምህርት ሆነኝ። ከቀሚሱ ሥር የተደበቁትን አራት የጭንና የቅልጥም ቁራጮች አውጥቼ በእነርሱ ፈንታ አንድ የቀሚስ ቁራጭ አስገባሁ። ሁለት የትከሻና ሁለት የነጠላ ቁራጮች ጨመርኩ። 16 የነበረው 17 ሆነ። የማትጨፍረውን ልጃገረድ ከምትጨፍረዋ የለያት የአንድ ቁራጭ ልዩነት ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ዛሬ ሥዕልን በመረብ ሸፍኖ እንደ ላስቲክ የሚያጎብጥ ዘዴ ስላለ ደረትን መቆራረጥ አያስፈልግም የሚል ነው። ዘዴው መኖሩ እውነት ነው፤ የነጠላውን ጫፍ ለማወዛወዝ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ትከሻን በመረብ ስናነሣ ግን መረቡ አጠገቡ ያለውን ሁሉ አብሮ ይስባል፤ የደረቱ ጥልፍ ይጣመማል፣ ቀጥ ያለው ሐረግ ይጎብጣል። ሸማኔውና ጠላፊዋ ቀጥ አድርገው የሠሩትን ልብስ የሚያውቅ ተመልካች ይህን ሳያይ አያልፍም። ከዚህም በላይ መረቡን የሚጎትተው ነጥብ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቀራል፤ መልሱም ያው የአንገት ሥር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣ ነው፤ እንግዲያውስ መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚል። ይህም አያስኬድም። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ኪፍሬም የሚጠይቅ፣ መደራረቢያ የሚፈልግ፣ ሊበላሽ የሚችል አንድ ተጨማሪ ነገር ነው። ለምሳሌ የልጃገረዷን ጣቶች አንድ በአንድ መቁረጥ ይቻል ነበር። ሆኖም በትዕይንቱ ውስጥ እጇ የሚኖረው ሦስት ዓይነት ቅርጽ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት የእጅ ሥዕሎች ሠርቼ እንደ አስፈላጊነቱ አቀያየርኳቸው። በሐይቁ ላይ በደንገል ታንኳ ተቀምጦ የሚቀዝፈው የፊልሙ ሌላ ሽማግሌ ደግሞ ከወገቡ በታች አንድም መገጣጠሚያ የለውም። ሁለት እጆቹ በአንድ መቅዘፊያ ላይ ስለሆኑ፣ መቅዘፊያው እጆቹን እንዲመራ እንጂ እጆቹ መቅዘፊያውን እንዲመሩ አላደረግኩም። የልጃገረዷ ሪግ ለእርሱ አይሆነውም፤ የእርሱም ለእርሷ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ልምድ የማቀርበው ሐሳብ በአንድ ገጽ የሚወሰን ነው። በአኒሜሽን ላይ የመመረቂያ ሥራ የሚሠራ ተማሪ ገጸ ባሕርይውን ከመቁረጡ በፊት የእንቅስቃሴ ዝርዝር እንዲያቀርብ ቢደረግ መልካም ነው። ዝርዝሩ አራት ነገሮችን ይያዝ፦ ገጸ ባሕርይው በፊልሙ ውስጥ የሚፈጽማቸው እንቅስቃሴዎች ምንድን ናቸው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የሚደርስበት የመጨረሻ ማዕዘን ስንት ነው፤ የትኛው አካል ሌላውን ይነካል ወይም ይይዛል፤ የትኛው ልብስ የትኛውን መገጣጠሚያ ይሸፍናል። አማካሪዎችም የሪጉን ጥራት በቁራጮቹ ብዛት ሳይሆን በዚህ ዝርዝር ላይ ቢመዝኑት፣ ብዙ ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ከመደገም ይድናል።

ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ መሄድ የሚገባው ወደ ኮምፒውተሩ አይመስለኝም። እኔ ልጃገረዷን ለሁለተኛ ጊዜ ከመቁረጤ በፊት አክስቴን፣ «እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። ተነሥታ እጆቿን በወገቧ ላይ አድርጋ ጥቂት እስክስታ ወረደች። ያን ጊዜ የተመለከትኩት ትከሻዋን አልነበረም፤ በአንገቷ ሥር ያለችውን ጉድጓድ ነበር። የመዞሪያ ነጥቡ እዚያ ነበር።